የፖስታ ኮድ ምንድን ነው? የክፍለ ከተማ ድንበርስ ለምን አይሆንም?

የጎንደር አድራሻ በተነሳ ቁጥር ይህ ሐሳብ ይመጣል። አሁንም አንድ አስተያየት ሰጪ ደገመው፦ «ለእያንዳንዱ ክፍለ ከተማ አንድ የፖስታ ኮድ ይሰጠው። ያኔ ኮዱን ያየ ሁሉ ነዋሪው የየት እንደሆነ ያውቃል፤ ግብሩም በሽታውም በኮድ ይቆጠራል።» ሰውየው ለከተማው አስቦ እንደተናገረ አልጠራጠርም። የእኔ ሥራ ግን የጤና መረጃን ካርታ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ይህ ሐሳብ በተግባር ሲውል ምን እንደሚያበላሽ ስለማውቅ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የፖስታ ኮድ የመሬት ክልል አይደለም። ደብዳቤው ወደ የትኛው ማደያ እንደሚላክና ከዚያ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚናገር ቁጥር ነው። ኮዱን የሚያወጣው ፖስታ ቤት ነው፤ መነሻው ደግሞ የመንገዱ አቅጣጫ፣ የመለያ ማዕከሉ ያለበት ቦታና አዳዩ በቀን የሚሸፍነው ርቀት ነው። የክፍለ ከተማ ድንበር የሚወጣው በሌላ ምክንያት ነው፦ ማን ማንን ያስተዳድራል፣ መታወቂያ የሚሰጠው ማን ነው፣ የቦታ ኪራይ ለማን ይከፈላል። እነዚህ ሁለት ሥራዎች አንድ መስመር ላይ ቢገጥሙ ነው የሚገርመው።

ለጎንደር ሰው በአጥቢያ ብናገር ይቀላል። የአንድ ደብር አጥቢያ በቀበሌ ድንበር አይለካም። አጥቢያ ማለት ካህናቱ የሚያገለግሏቸው ቤቶች ዝርዝር ነው። ወንዝ ወይም ዳገት ካለያቸው፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ያሉ ጎረቤታሞች የሁለት ደብር ምዕመናን ይሆናሉ፤ በሁለት ቀበሌ ያሉት ደግሞ በአንድ ደብር ይገናኛሉ። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል አጥቢያው ይከፈላል፣ ቀበሌው ግን ባለበት ይቆያል። ካርታ ላይ አጥቢያውን በመስመር መክበብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ቤቶቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ መስመሩን ከዚያ በኋላ ይስላል፤ ዝርዝሩ ይቀድማል፣ ድንበሩ ይከተላል። የፖስታ ኮድም እንዲሁ ነው። የንስሐ አባትን ብንጨምርበት ደግሞ የፖስታ ሣጥንን እናገኛለን፦ ሰውየው ቤቱን ወደ አዘዞ ቢያዛውርም ፒያሳ ሳለ የያዛቸውን የንስሐ አባት አይለቅም። ምሳሌው የማይሠራው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የንስሐ አባትን ምዕመኑ ይመርጣል፣ የቤቱን የፖስታ ኮድ ግን ማንም አይመርጥም።

ሣጥኑን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። በእኛ አገር ደብዳቤ በዋናነት የሚደርሰው በር ላይ ሳይሆን ፖስታ ቤት ውስጥ ባለ ሣጥን ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን አድራሻ ተመልከቱ፦ ፖ.ሣ.ቁ. 196፣ ጎንደር። ዩኒቨርሲቲው የማራኪ፣ የቴዎድሮስና የፋሲል ግቢዎች አሉት፤ የሕክምናው ኮሌጅና ሆስፒታሉ ደግሞ ሌላ ቦታ ናቸው። 196 የትኛው ክፍለ ከተማ ነው? የትኛውም አይደለም። በፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ ያለች አንዲት የብረት በር ናት። በሣጥን ቁጥር ወይም ሣጥኖቹን በያዘው ፖስታ ቤት ኮድ ነዋሪ የሚቆጥር ሰው፣ ሁሉንም ሰው ፖስታ ቤቱ ውስጥ አስተኝቶ እየቆጠረ ነው።

«ይህ የእኛ ኋላ ቀርነት ነው፤ በሠለጠነው ዓለም ይገጥማል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አይገጥምም። አበሪስትዊዝ በዌልስ የባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ናት፤ ኮዷ SY23 ብሎ ይጀምራል። SY የሽሩስበሪ ምልክት ነው። ሽሩስበሪ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ናት፤ በመኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ደብዳቤው በዚያ በኩል ስለሚመጣ ብቻ ነው።

ጉዳቱ የሚታየው ኮዱን ለሌላ ሥራ ሲያውሉት ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ያለችው የፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 የመጠጥ ውኃዋን ከዲትሮይት መስመር ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየረች። ውኃው ተገቢው የዝገት መከላከያ ስላልተደረገለት ከአሮጌ ቧንቧዎች እርሳስ እየፈታ ወደ ቤቶች ገባ። የግዛቱ ባለሥልጣናት የሕፃናቱን የደም ምርመራ ሲያዩ ያሰባሰቡት በፖስታ ኮድ ነበር፤ ያን ያህል የተለየ ነገር አልታየንም አሉ። ነገር ግን «ፍሊንት» ከሚለው ኮድ ባለቤቶች ሲሶ ያህሉ ከከተማው ድንበር ውጭ ነበሩ፤ ውኃቸውም የከተማው አልነበረም። የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሃና-አቲሻ ከጂኦግራፊ ባለሙያው ሪቻርድ ሳድለር ጋር ሆና እያንዳንዱን ሕፃን በቤቱ ቦታ ካርታ ላይ አስቀመጠችና በእውነተኛው የከተማ ድንበር ከፈለች። ከተማው ውስጥ የደማቸው እርሳስ ከፍ ያለባቸው ሕፃናት ድርሻ ከ2.4 በመቶ ወደ 4.9 በመቶ አድጎ ተገኘ። ከድንበሩ ውጭ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልነበረም።

ስሌቱን በቀላሉ እንየው። ከተማው ውስጥ ጭማሪው 2.5 ነጥብ ነው። ውጭ ያሉት ምንም አልጨመሩም እንበልና፣ ሁለት እጅ ከውስጥ አንድ እጅ ከውጭ ስንቀላቅል ጭማሪው ወደ 1.7 ይወርዳል። የእርሳስ መጠን በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት ራሱ ከፍ ስለሚል፣ እንዲህ የቀጠነ ጭማሪ «የወቅት ነው» ተብሎ ለመታለፍ የተመቸ ነው። በምርመራው ቁጥር ላይ የተጻፈ ሐሰት አልነበረም፤ የተሳሳተው ማሰባሰቢያው ነው።

በእኛም ቤት ተመሳሳዩ አደጋ አለ፤ በፖስታ ኮድ ፋንታ በቀበሌ ይመጣል። የከተማ ቀበሌዎች ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ የተቋቋሙ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ አወቃቀራቸው ተለዋውጧል። ሰዉ ግን አሁንም «ቀበሌ 18» ብሎ ሰፈሩን ይጠራል። መዝገብ ላይ «18» ሲጻፍ የሰፈር ስም ይሁን የአስተዳደር ቁጥር ከካርዱ አይለይም። ሌላም አለ፣ ማንም ባይጠይቀኝም ልናገረው፦ ከደንቢያ ወይም ከአርማጭሆ ለሕክምና የመጣ ሰው ዘመዱ ቤት አርፎ የዘመዱን ቀበሌ ያስመዘግባል። በካርታዬ ላይ የጎንደር ከተማ በሽተኛ ሆኖ ይታያል። ይህን የትኛውም ኮድ አያርመውም፤ «ያረፉበት የት ነው?» እና «የሚኖሩት የት ነው?» ብሎ ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እና ለዚያ አስተያየት ሰጪ፦ ኮዱን በክፍለ ከተማ ልክ ብናወጣው እንኳ የሚገጥመው ክፍለ ከተሞቹ እስኪቀየሩ ነው። ያን ጊዜ ወይ የነዋሪው ሁሉ አድራሻ፣ ማኅተምና ደረሰኝ ይለወጣል፣ ወይ ኮዱ እንዳለ ይቀራል፤ ከቀረ ደግሞ አለመግጠሙ ተመልሶ መጣ። የሚሻለው እያንዳንዱ ቤት የማይለወጥ የራሱ መለያና በካርታ ላይ የተለካ ቦታ እንዲኖረው ነው። የፖስታ ኮድ፣ ቀበሌና ክፍለ ከተማ በየራሳቸው ዓምድ ይጻፉ፤ ቀበሌውና ክፍለ ከተማው ከተጻፉበት ዓመት ጋር። የአንድ ኮድ ዝርዝር ከአስተዳደር ድንበሩ ጋር ይገጥም እንደሆነ የሚጠራጠር ካለም ቤቶቹን በድንበሩ ካርታ ላይ ያስቀምጥና ስንቶቹ ውጭ እንደወደቁ ይቁጠር። ቆጠራው ሳይሠራ በኮድ የተሰላ የበሽታ መቶኛ ይዞልኝ የሚመጣ ካለ አልፈርምበትም።