የሯጭ ባት እና ተረከዝ ማንሳት

እሑድ ማለዳ የእንጦጦን ዳገት በሩጫ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከትንፋሹ በፊት ባቱ ይይዘዋል። ባሕር ዛፉ መሃል ቆሞ እግሩን የሚያሸው ሯጭ ብዙ ነው። ማሸቱ ለጊዜው ያስታግሳል፤ የጎደለው ግን የባት ጥንካሬ ነው።

ባት ሁለት ዋና ጡንቻዎች አሉት። ከላይ ጎልቶ የሚታየው ጋስትሮክኒሚየስ ከጉልበት በላይ ይነሳል። ከሥሩ የተሸፈነው ሶሊየስ ደግሞ ከጉልበት በታች ይጀምራል። ሁለቱም በአኪሊስ ጅማት በኩል ተረከዝ ላይ ይያያዛሉ። በሩጫ ትልቁን ሸክም የሚችለው ሶሊየስ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት ብዙ እጥፍ ይሸከማል። በአንድ ሰዓት ሩጫ አንድ እግር ወደ 5,000 ጊዜ ያርፋል። ዳገት ሲጨመርበት ባቱም ጅማቱም ከሜዳው የበለጠ ይሠራሉ።

ለዚህ የሚበጀው ተረከዝ ማንሳት ነው። መነሻውን ለማወቅ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር ቁሙ፤ ለሚዛን ብቻ አንድ ጣት ግድግዳውን ትንካ። እስከ ጫፍ ተነሱና አናታችሁ የደረሰበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ቁጠሩ። አናታችሁ ምልክቱ ጋ መድረስ ሲያቅተው፣ ጉልበታችሁ ሲታጠፍ ወይም ሰውነታችሁ ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ቆጠራው ያበቃል። ለጤነኛ ጎልማሳ 25 አካባቢ የተለመደ መለኪያ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ቁጥሩ ይቀንሳል። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የማየው በሁለቱ እግሮች መሃል ያለውን ልዩነት ነው።

ሱሉልታ የሚኖር አንድ ወዳጄ ሲሞክረው ቀኙ 22፣ ግራው 11 ወጣ። ዳገት ላይ የሚይዘውም ግራውን ነበር። በሁለት እግር፣ ደልዳላ ወለል ላይ ጀመረ። 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለለ ሠራ። ለመነሳት ሁለት ሰከንድ፣ ለመውረድ ሦስት ሰከንድ። በሦስተኛው ሳምንት በሁለት እግር እየተነሳ በአንድ እግር መውረድ ያዘ። በአምስተኛው በአንድ እግር 8 ጊዜ ጀምሮ ቀስ በቀስ 15 ደረሰ። ከየቀኑ ዙሮች ሁለቱን ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ ይሠራቸዋል፤ ጉልበት ሲታጠፍ ሥራው ወደ ሶሊየስ ይዞራል።

በሰባተኛው ሳምንት ጥንካሬ ተሰማውና ቸኮለ። የቤቱ ደረጃ ጠርዝ ላይ ወጥቶ፣ ተረከዙን ከጠርዙ በታች እያወረደ፣ 10 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን አንጠለጠለ። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ጅማቱ ገትሮት አነከሰ። ጡንቻ በሳምንታት ይበረታል፤ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ጥንካሬ የተሰማው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደግሞም ሁለት ነገር በአንድ ቀን ጨምሯል፦ ጠርዙንም፣ ክብደቱንም። ወደ ወለሉ ተመለሰና ለአንድ ሳምንት ቆየ። ከዚያ ጠርዙን ብቻ፣ ያለ ክብደት፣ ሁለት ሳምንት ሠራ። ቀጥሎ 5 ሊትር ያዘ፤ 5 ሊትር ውኃ 5 ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግም። 12ኛው ሳምንት ላይ ግራው 20 ደረሰ።

የማለዳው እርምጃ ጥሩ ዳኛ ነው። ሕመሙን ከዜሮ እስከ 10 ነጥብ ብትሰጡት፣ በልምምድ ጊዜ እስከ 3 የሚደርስ ሕመም፣ በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ፣ ችግር የለውም። ከትናንቱ ከባሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሌላው ስህተት ሲነሱ ቁርጭምጭሚት ወደ ውጭ መውደቁ ነው። ክብደቱ ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል፣ ባቱም ከሥራው ይሸሻል። አውራ ጣቱ ሥር ያለው አጥንት መሬቱን እንደጫነ መቆየት አለበት።

ሕመሙ ጅማቱ ተረከዝ ላይ የሚያያዝበት ቦታ ላይ ከሆነ ጠርዙን ተዉት። ተረከዝ ከወለል በታች ሲወርድ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይጨመቃል፣ ሕመሙንም ያባብሰዋል። ከኋላ በድንጋይ የተመቱ ያህል ድንገት ተሰምቷችሁ በእግር ጫፍ መቆም ካቃታችሁ ግን ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። አንዱ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ የሚያም ከሆነም እንደዚያው፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

ልምምዱን ከዳገት ሩጫ ዋዜማ ማራቅ ይሻላል። ወዳጄ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከቀላል ሩጫ በኋላ ይሠራል፣ እሑድ እንጦጦ ይወጣል። ሁለቱ እግሮቹ ከተስተካከሉ በኋላ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው የሚሠራው። ጀሪካኑም አሁን 10 ሊትር ይዟል።