ሦስት ተኩል ስንት ነው? የገንዘብ መልእክትን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ እንግሊዝኛ መመለስ በጎንደር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የትርጉም ቤቶች ወደ አንዱ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ በእጁ የሚይዘው የገንዘብ ወረቀት ነው። የቤት ሽያጭ ውል፣ ውክልና፣ ለቪዛ የሚቀርብ የባንክ መግለጫ፣ ወይም አሜሪካና እስራኤል ካለ ዘመድ በስልክ የመጣ መልእክት። ሌላው ትርጉም ትንሽ ቢዛነፍ አንባቢ ይረዳዋል። የገንዘብ ትርጉም ግን አንድ ቃል ሲያጣ ሌላ መጠን ይሆናል። ደግሞ ስህተት አይመስልም፤ ሙሉና ትክክል መስሎ ነው የሚነበበው።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ሰውየው የሚኖረው አሜሪካ ነው። እህቱ ደግሞ ጎንደር ሆና በውክልና አዘዞ ላይ ቤት ልትገዛለት ነው። ከደላላውና ከሻጩ ጋር “ሦስት ተኩል” ተባብለው ተስማምተዋል። ወንድም በእንግሊዝኛ እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦

```
Pay 500 now. Balance 3M by 05/06/17. Charges on me.
```

አጭር ነው፤ ግልጽም ይመስላል። ግን ሲመረመር እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ነገር ይላል።

መጀመሪያ 500ን እንውሰድ። በደላላ አፍ ቤትና መኪና ሲሸጥ “ሺህ” አይጠራም። “በአምስት መቶ ሸጥኩት” ያለ ሰው አምስት መቶ ሺህ ብር ማለቱ ነው። “ሦስት ተኩል” ደግሞ ሦስት ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ነው። ይህን ገበያው ይሰማዋል፤ ወረቀት ግን አይሰማም። መልእክቱ የመጣው ከአሜሪካ ስለሆነ 500 ዶላር ማለትም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የእኛም ቋንቋ ያግዛል፤ ማገዙ ግን ወደ ማምታታት ነው። ብር የገንዘባችን ስም ቢሆንም “ገንዘብ” ለማለትም ይውላል። “ልጄ ብር ላከልኝ” ያለች እናት የተቀበለችው ዶላር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ “ብር” የሚል ቃል ሲያዩ ቶሎ ብሎ ETB ብሎ መጻፍ አያዋጣም። የገንዘቡን ዓይነት መጠየቅ ይቀድማል።

ጎንደር ውስጥ የቆየ ሰነድ የሚያገኝ ሰውማ ሌላ ወጥመድ አለበት። በድሮ ወረቀት ላይ ያለው ብር ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር ሊሆን ይችላል። እሱን በዛሬው ብር መተርጎም ከነአካቴው ስህተት ነው።

የመጠን አጻጻፍ ልማዱ ቀላል ነው። በአኃዝ ይጻፋል፤ ከሥሩ በፊደል ይደገማል፤ መጨረሻው ላይ “ብቻ” ይታከልበታል። “ብር 500,000.00 (አምስት መቶ ሺህ ብር ብቻ)” ይሆናል ማለት ነው። “ብቻ” ጌጥ አይደለም። ከፊደሉ ቀጥሎ ሌላ ነገር እንዳይጨመር በሩን ይዘጋል። ፊደሉም የሚደገመው በከንቱ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ቼክ ላይ አኃዙና ፊደሉ ከተለያዩ በፊደል የተጻፈውን ይቀበላል። ስለዚህ ተርጓሚ ሁለቱ ተለያይተው ሲያገኝ አንዱን መርጦ ማስተካከል የለበትም። እንዳለ ያስቀምጥና ልዩነቱን በግርጌ ይጠቁማል። ሌላው የሚታይ ነገር ነጥብና ሰረዝ ነው። እኛና አሜሪካኖች ሺህን በሰረዝ፣ ሳንቲምን በነጥብ እንለያለን። ጣሊያንና ጀርመን ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሮም ያለ ዘመድ 3.500 ብሎ ከጻፈ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ቃል “ባላንስ” ነው። ይህን ቃል “ቀሪ ሂሳብ” ብሎ መተው ሰነፍ መፍትሔ ነው። በባንክ መግለጫ ላይ ቀሪ ሂሳብ ማለት በደብተሩ ውስጥ ያለው ገንዘብ ነው። በውል ላይ ግን ገና ያልተከፈለው ዕዳ ነው። አንዱ ያለህ፣ ሌላው የሌለህ! በእኛ ጉዳይ “ቀሪው የቤት ዋጋ” ብሎ መጻፍ ጥርጣሬውን ያጠፋዋል። “ገቢ” የሚለውም እንደዚሁ ነው። “ገቢ ተደረገ” ባንክ ገባ ማለት ነው፤ “የወር ገቢው” ግን የሚያገኘው ነው። ለቪዛ በሚተረጎም መግለጫ ላይ እነዚህ ሁለቱ ከተደበላለቁ ከዘመድ የመጣ አንድ ሐዋላ የወር ደመወዝ መስሎ ያርፋል። ኤምባሲው ደግሞ ይህን ወዶ አይቀበልም።

ከሁሉ የሚከፋው ቀኑ ነው። 05/06/17ን እህት ስታነበው የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 12 ፌብሩዋሪ 2025። ወንድም ግን አሜሪካ ከርሞ ወርን ማስቀደም ለምዷል። እሱ በልቡ ጥር 6 ቀን 2017 አስቦ ከሆነ 14 ጃንዋሪ 2025 ነው። በሁለቱ መካከል 29 ቀን አለ። በውሉ ላይ የመዘግየት ቅጣት ካለ ይህ ልዩነት በብር ይቆጠራል። መልእክቱ አሜሪካ ባንክ ውስጥ ላለ ሠራተኛ ቢደርሰው ደግሞ 6 ሜይ 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ያ ቀን ካለፈ ዓመታት ሆነውታል። መፍትሔው ወርን በቁጥር አለመጻፍ ነው። የወሩን ስም መጻፍ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለት፣ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ማስቀመጥ። “እስከ” የሚለውም ቃል ይጠየቃል። የካቲት 5 ራሱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? “የዚያን ቀን ጨምሮ” የሚል ሐረግ ብዙ ክርክር ያስቀራል። ሰዓት ካለም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት በእነሱ 4 ሰዓት ነው።

“ቻርጅስ” የተባለው ወጪ ገንዘቡ ከውጭ ሲላክ መንገድ ላይ ባንኮች የሚቆርጡት ነው። በመላኪያ ቅጹ ላይ ሦስት ምርጫ አለ። OUR ከተባለ ላኪው ሁሉንም ይከፍላል። BEN ከተባለ ከተቀባዩ ላይ ይቆረጣል። SHA ከሆነ ይካፈላሉ። “በእኔ ላይ” ያለው ወንድም OUR ማለቱ ነው። እህት ይህን “ከእኔ ላይ ይቀነስ” ብላ ብትተረጉመው ግን ከሚደርሰው ገንዘብ ይቀነስ የሚል ስሜት ይሰጣል።

ከዚህ ጋር የምንዛሪው ነገር አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተለቀቀ ባንኮች የየራሳቸውን ተመን ያወጣሉ። ስለዚህ “ተመጣጣኝ ብር” የሚል ቃል ብቻውን ምንም አይልም። የየትኛው ባንክ፣ የየትኛው ቀን፣ የመግዣ ወይስ የመሸጫ? ዶላር ይዞ ለሚመጣ ሰው የሚሠራው የመግዣው ነው፤ ገዢው ባንኩ ነውና። ብዙ ሰው “እኔ ብር ልገዛ አይደል እንዴ” ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሌላው አቅጣጫ እንዙር። ሻጩ የባንክ አድራሻውን በአማርኛ ጽፎ ሰጠ፤ እህት ወደ እንግሊዝኛ ልታስገባው ነው። እዚህ ላይ ዋናው ሕግ አለመተርጎም ነው። ስም አይተረጎምም፣ እንደ መሰለንም አይጻፍም። ጸሐይ የሚባል ሰው Tsehay፣ Tsehai ወይም Tsehaye ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ትክክለኛው የባንክ ደብተሩ ላይ ያለው ብቻ ነው። ገብረ መድኅን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የውጭ ቅጽ የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ይጠይቃል። “ገብረ”ን ስም፣ “መድኅን”ን የአባት ስም አድርጎ የሞላ ሰው አጋጥሞኛል። ገንዘቡም ተመለሰ። የስሙ ቁርጥራጮች እንዳይለያዩ ማድረግና አያትን በመጨረሻው ስም ቦታ ማስገባት ይሻላል፤ አቶና ወይዘሮ አይገቡም።

የባንክ ስምም እንዲሁ ነው። “ንግድ ባንክ” ስንል ሁላችንም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ነው የምናስበው። በእንግሊዝኛ ግን “ኮሜርሻል ባንክ” ማንኛውንም የንግድ ሥራ የሚሠራ ባንክ ይመለከታል። ስለዚህ ሙሉ ስሙ ይጻፋል። ኅብረት ባንክንና የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክንም አለማምታታት ነው። ጸሐይ ባንክንና ንብ ባንክን ወደ ትርጉማቸው መመለስ ፈገግ ያሰኛል እንጂ ገንዘብ አያደርስም። ስሙን የሚያረጋግጠው የስዊፍት ኮዱ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ CBETETAA ነው፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ፊደል፣ ET፣ አገሩን ያሳያል። ቅጹ አይባን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ቁጥር ከጠየቀ የእኛ ባንኮች እንደ እስራኤል ባለ 23 ቁምፊ አይባን አይሰጡም፤ የሂሳብ ቁጥሩ ራሱ ነው የሚገባው።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሂሳብ ቁጥር 13 አኃዝ ነው፤ የሚጀምረውም በ1000 ነው። በስልክ ሲነገር “አንድ ሺህ” ተብሎ ይጀመርና ከዚያ አንድ ዜሮ ይጠፋል። አኃዝ በአኃዝ “አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ” ተብሎ ይነበብ፤ ሰሚውም መልሶ ይቁጠር። ቁጥሩን ኤክሴል ላይ የሚጽፍ ሰው ደግሞ 1.00012E+12 የሚል ነገር ካየ አይደናገጥ። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ብዛት አድርጎ ወስዶታል። ከመጻፉ በፊት ሳጥኑን ወደ ጽሑፍ መቀየር ነው። በቁጥሩ መሃል ሰረዝ አይገባም፤ ሰረዝ የገንዘብ መጠን ምልክት ነው።

እህት ታዲያ ምን አደረገች? ከመተርጎሟ በፊት ወንድሟን አራት ነገር ጠየቀች፤ ብር ወይስ ዶላር፣ ሺህ አለው ወይስ የለውም፣ በማን አቆጣጠር፣ የላኪ ወጪ በማን። ከመልሱ በኋላ ለሻጩ የሰጠችው ወረቀት ይህን ይላል፦ “ለሻጩ ብር 500,000.00 (አምስት መቶ ሺህ ብር ብቻ) ዛሬ ይከፈላል። ቀሪው የቤት ዋጋ ብር 3,000,000.00 (ሦስት ሚሊዮን ብር ብቻ) እስከ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የዚያን ቀን ጨምሮ፣ ይከፈላል።” ለወንድሟ ደግሞ ይህንኑ መልሳ ላከችለት፦

```
Pay to seller: ETB 500,000.00 now
Remaining price: ETB 3,000,000.00
Due: 12 February 2025, that day included
```

የላኪ ወጪው እዚህ አልገባም፤ እሱ የሚሞላው ወንድም ባንክ ሄዶ ነው። ወንድም አንብቦ “ልክ ነው” ሲል ነው እህት የመጀመሪያውን ክፍያ የፈጸመችው።