ዝቅተኛ እይታ ላላት ተማሪ ሌሰን ፕላን ማስተካከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 58 ተማሪዎች አሉ። ከእነሱ አንዷ አልቢኒዝም ያለባት ልጅ ናት። ዓይነ ስውር አይደለችም፤ እንደ ጓደኞቿም አታይም። ከታች የምጠቅሳቸውን አባባሎች በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰምቻቸዋለሁ፤ ከወላጅም ሰምቻቸዋለሁ። አንድ ሁለቱን እኔም ብያቸው አውቃለሁ። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ክፍለ ጊዜ ይዤ ልሂድ፦ ዘዌን በፕሮትራክተር መለካት፣ 40 ደቂቃ።

«መነጽር ቢገዙላት ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።»

መነጽር አላት። ሁልጊዜም ታደርገዋለች። ዝቅተኛ እይታ የሚባለው መነጽር ከተደረገ በኋላም የሚቀረው ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ በሠራበት መለኪያ፣ በተሻለው ዓይን፣ ከነመነጽሩ፣ ከ6/18 በታች የሚያይ ሰው ዝቅተኛ እይታ አለው ይባላል። 6/18 ማለት ሌላው ሰው በ18 ሜትር ርቀት የሚለየውን እሱ 6 ሜትር ድረስ ቀርቦ ነው የሚለየው ማለት ነው።

አልቢኒዝም ሲሆን ምክንያቱ ዓይን ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ነው። ጥቃቅን ነገር የምንለይበት የሬቲና መሃል ሙሉ በሙሉ አላደገም። መነጽር ምስሉን አጥርቶ ያቀርባል፤ የሚቀበለው ቦታ ግን ደካማ ነው። ይህ ማለት መነጽሩ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። «ካልረዳሽ አውልቂው» ያልኩበት ቀን ነበር፤ አሁን ያንን አልልም።

«ታያለች ወይስ አታይም? አንዱን ንገሩኝና በዚያው ላስተምር።»

ጠዋት ከሰሌዳ ትገለብጣለች፤ ከሰዓት ያንኑ ሰሌዳ ማንበብ ያቅታታል። አላገጠችም። የሐዋሳ ሐይቅ ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ የክፍላችን መስኮትም ወደዚያው ያያል። ከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሰሌዳው ላይ ታንጸባርቃለች። አልቢኒዝም ያለበት ዓይን ብርሃን አይችልም።

ስለዚህ ዕቅዱን ከመንካቴ በፊት በአንድ የዕረፍት ሰዓት የምታየውን አብረን ፈተሽን። አንድ አንቀጽ በ12፣ በ14፣ በ18 እና በ24 ነጥብ ፊደል አትሜ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግኩ። በ12 ቃል እየዘለለች ነበር። በ14 ታነባለች፤ ግን በየመስመሩ ትቆማለች። በ18 ያለችግር ፈሰሰላት። 24 ምንም አልጨመረላትም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ በነጭ፣ በቢጫ፣ በቀይ እና በሰማያዊ ጠመኔ ጻፍኩ። ቀዩና ሰማያዊው ለእሷ የሉም። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የዓይን ሐኪሙ ወረቀት የማይነግረኝን ነገረኝ።

«ከፊት አስቀምጫታለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

መቅረብ ይረዳል፤ እንዲያውም ከምንም ነገር በላይ። ከሰሌዳው 8 ሜትር የነበረ ልጅ 4 ሜትር ላይ ሲቀመጥ ፊደሉ እጥፍ ሆኖ ይታየዋል። 2 ሜትር ላይ አራት እጥፍ ይሆናል። ግን የትኛው ፊት? እኔ መጀመሪያ ያስቀመጥኳት መስኮቱ ሥር ነበር። ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች።

ሌላም ነገር አለ። ዓይኗ ያለ ፈቃዷ ይወዛወዛል። አልቢኒዝም ባለበት ሰው ይህ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ዓይናቸው የሚረጋበት አንድ አቅጣጫ አላቸው፤ ያንን ለማግኘት ፊታቸውን ያዞራሉ። እሷ ፊቷን ወደ ግራ አዙራ በቀኝ በኩል ነው የምታየው። እኔ ደግሞ «ቀጥ ብለሽ ተመልከቺ» እላት ነበር። አሁን ከክፍሉ በስተግራ፣ ከመስኮቱ ርቃ፣ ሰሌዳው በቀኟ እንዲሆን ሆና ትቀመጣለች። ጠርዝ ያለው ኮፍያዋንም ክፍል ውስጥ እንድታደርግ ተፈቅዶላታል።

«ፎቶኮፒ ቤት ሄዶ አሳድጎ መስጠት ነው፤ በቃ።»

ብዙ መምህር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሰናክያለሁ። የኤ4 ወረቀት ወደ ኤ3 ሲያድግ 141 በመቶ ነው የሚሆነው። 12 ነጥብ የነበረ ፊደል ወደ 17 ይጠጋል። ለእሷ ያ በቂ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን እንደ ግላኮማ ባለ በሽታ ምክንያት በጠባብ ቀዳዳ የሚያዩ ልጆች አሉ። ፊደሉ ሲያድግ በቀዳዳቸው ውስጥ የሚገባው ቃል ይቀንሳል። ለእነሱ ማሳደግ ንባቡን ያዘገየዋል። ስለዚህ የሩብ ሰዓቷ ፍተሻ ትቅደም።

ሒሳብ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሥዕል በፎቶኮፒ ሲያድግ ዘዌው አይለወጥም፤ 60 ዲግሪ 60 ዲግሪ ሆኖ ይቀራል። ርዝመት ግን ይለወጣል። «መስመሩን በማስመሪያ ለኩ» የሚለው የትምህርት ቀን ያደገ ወረቀት ብሰጣት የጓደኞቿ 5 ሴንቲ ሜትር ለእሷ 7 ይሆናል። እሷ በትክክል ለክታ እኔ ኤክስ አደርግባታለሁ። ያን ቀን ሥዕሉን በእጄ፣ በትክክለኛው ልክ፣ በወፍራም ጥቁር ማርከር ነው የምሠራላት።

ዋናው ችግር ግን ወረቀቱ አይደለም፤ መሣሪያው ነው። ከየሱቁ የምንገዛው ፕላስቲክ ፕሮትራክተር ከመሃል እስከ ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ላይ በአንድ ዲግሪና በቀጣዩ መካከል ያለው ክፍተት 0.9 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ፕላስቲኩ ያንጸባርቃል፤ ከሥሩ ያለው መስመርና የራሱ ቁጥሮች ይደባለቃሉ። ወረቀቱን እንደ አልጋ ልብስ ባሰፋላትም ይህን ማንበብ አትችልም።

ስለዚህ ሌላ ሠራንላት። ከካርቶን 15 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ ቆረጥኩ። ነጭ ወረቀት ለጠፍኩበት። በሰሌዳው ትልቅ የእንጨት ፕሮትራክተር እየለካሁ በየ5 ዲግሪው በማርከር አሰመርኩ። አሁን በሁለት መስመሮች መካከል 1.3 ሴንቲ ሜትር አለ። ቁጥር የጻፍኩት በየ10 ዲግሪው ብቻ ነው። ከግራም ከቀኝም የሚጀምሩትን ሁለቱንም የቁጥር ረድፎች ጽፌያለሁ። አንዱን ማጥፋት ይቀል ነበር፤ ግን የትኛውን ረድፍ ላንብብ ብሎ መምረጥ የዕለቱ ትምህርት አካል ነው። በቀጥተኛው ጠርዝ መሃል ላይ ትንሽ ቦይ ፈለፈልኩና ወፍራም ጥቁር ክር አሰርኩበት።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ቦዩን የዘዌው መነሻ ነጥብ ላይ ታሳርፋለች። ቀጥተኛውን ጠርዝ ከአንዱ ክንድ ጋር ታስተካክላለች። ከዚያ ክሩን በሁለተኛው ክንድ ላይ ወጥራ ጠርዙ ላይ ያረፈበትን ታነባለች። ካርቶን አሳልፎ ስለማያሳይ የዘዌው ክንዶች ከ15 ሴንቲ ሜትር መርዘም አለባቸው። አጭር ከሆኑ በማስመሪያ ታስረዝማቸዋለች።

«ለእሷ ቀለል ያለ ዓላማ እጽፋለሁ፤ ዘዌን ካወቀች ይበቃታል።»

የዕለቱ ዓላማዬ «ተማሪዎች ዘዌን ከ2 ዲግሪ ባልበለጠ ስሕተት ይለካሉ» ይላል። ለእሷም ያው ነው። በ1.3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ ክሩ መሃል ላይ ነው፣ ወደ ታች ነው፣ ወደ ላይ ነው ብላ ስትገምት 2 ዲግሪ ውስጥ ትገባለች። በዕቅዱ ላይ የተለወጠው «የመማሪያ መሣሪያ» እና «የተማሪ ተግባር» የሚሉት ዓምዶች ናቸው። የዓላማውን ዓምድ አልነካሁትም።

የጥያቄው ብዛት ግን ይታሰብበታል። መልመጃው 10 ጥያቄ ነው፤ የሥራ ጊዜው 20 ደቂቃ። እሷ ለአንዱ 3 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ዕረፍት አስቀርቼ ማስጨረስ ቅጣት ይሆንባታል። ጥያቄዎቹን ሳያቸው አራቱ ሹል፣ አራቱ ዝርጥ፣ ሁለቱ ደግሞ ዘንበል ተደርገው የተሳሉ ናቸው። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት መረጥኩ፤ 6 ሆነ። የቀነስኩት ድግግሞሹን ነው። ከባዶቹ ሁለቱ እንዳሉ አሉ።

መልሷን ሳርም የስሕተቱን መልክ አያለሁ። 60 መሆን ያለበትን 120 ካለች የቁጥር ረድፉን አምታታለች። ያ ግማሽ ክፍሉ የሚሳሳተው የሒሳብ ስሕተት ነው፤ እንደማንም አስተምራታለሁ። 64፣ 55፣ 67 እያለ ከዚህም ከዚያም ከዋለለ ግን ቦዩ ነጥቡ ላይ አልተቀመጠም ማለት ነው። ያኔ የማየው መሣሪያውን፣ መብራቱን ወይም የነጥቡን ውፍረት ነው። አንድ ቀን ነጥቡን በእርሳስ ብቻ አድርጌላት ስድስቱም ዋለሉ። በማርከር አወፈርኩት፤ ተስተካከለ።

«ደብተሯ ላይ ተደፍታ ነው የምታነበው፤ የቀራትንም ዓይን ትጨርሰዋለች።»

እናቷ ናቸው ያሉኝ፤ ጭንቀታቸው ይገባኛል። አቅርቦ ማንበብ ዓይንን አይጎዳም። ማቅረቧ የራሷ ማጉያ ነው። የሚደክመው አንገቷና ጀርባዋ ነው። ዴስኳ ላይ ሁለት መጻሕፍት ደርበን ጣውላ አጋደምንባቸው፤ ወረቀቱ ወደ እሷ ቀረበ፤ እሷ ቀና አለች። ከ20 ደቂቃ ንባብ በኋላም አፍታ ዓይኗን ታሳርፋለች።

«ለአንድ ልጅ ብዬ 57ቱን ልበድል?»

ሰሌዳ ላይ ስሠራ «ይሄንን ከዚህ ጋር ካገጠማችሁ፣ ይኸውላችሁ» እል ነበር። ለእሷ ይህ ባዶ ድምፅ ነው። አሁን የምጽፈውን እየተናገርኩ እጽፋለሁ፦ «ቦዩን ነጥብ ለ ላይ አሳርፋለሁ፤ ጠርዙን ከለ ሐ ክንድ ጋር አስተካክላለሁ፤ የማነበው ከሐ በኩል ከዜሮ የሚጀምረውን ረድፍ ነው።» አንድ ደቂቃ ቢጨምር ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች «ቲቸር፣ ድገሙልን» ማለታቸው ቀነሰ።

ያልጠበቅኩት የመጣው ከክንዶቹ ነው። እሷ ማስመሪያ ይዛ የዘዌውን ክንዶች ስታስረዝም አጠገቧ ያለው ልጅ «እንዲህ ካደረግሽው እኮ ዘዌው ይተልቃል!» አላት። ክፍሉን ጠየቅኩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከእሱ ጋር ተስማሙ። የክንድ ርዝመት ዘዌን የሚያሳድግ የሚመስላቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን በዕቅዴ ውስጥ አስቤው አላውቅም ነበር። ሰሌዳው ላይ አንድ ዘዌ ሳልኩ። እሷ ተነስታ በካርቶኑ ለካችው፤ 75 ዲግሪ። ክንዶቹን እስከ ሰሌዳው ጠርዝ አስረዘምኳቸው። ክሩን ወጥራ እንደገና አነበበች።

«75 ነው» አለች። ልጁ አላመነም፤ ካርቶኑን ተቀብሏት ራሱ ለካ።