«በእጅ የተሰፋ»፦ ታዲያ ለእኔ ምን?

ቦርሳ የሚሸጡ ልጆች ሁሌ የሚጽፉት ነገር አለ፦ «ንጹህ ቆዳ፣ በእጅ የተሰፋ፣ 2 ኪስ ያለው»። ይሄ የዕቃው ባህርይ ነው እንጂ ጥቅሙ አይደለም። ሁለቱን መለየት ግራ ያጋባል፤ እኔ ገዢው ፊቴ ቆሞ «ታዲያ ለእኔ ምን?» እያለ የሚነዘንዘኝ አስመስዬ ነው የምለየው።

የእጅ ስፌቱን እንውሰድ። አንድ ክር በሁለት መርፌ፣ ከሁለቱም ወገን በየቀዳዳው ያልፋል። ታዲያስ? የማሽን ስፌት አንድ ቦታ ከተበጠሰ እየተተረተረ ሊሄድ ይችላል፤ ይሄኛው ግን ክሩ በአንዱ ወገን ቢበጠስ እንኳ የሌላው ወገን ስለሚይዘው ቶሎ አይለቅም። አሁንም ታዲያስ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ፦ «ላፕቶፕህን ይዘህ ታክሲ ስትጋፋ፣ ማንገቻው ተበጠሰ አልተበጠሰ ብለህ አትሳቀቅም።» ይሄንን ገዢው ትከሻው ላይ ያውቀዋል።

ከዚህ አልፈህ «ሕይወትህን ይለውጣል» ካልክ ግን አበዛኸው፤ ከስፌቱ ጋር ምንም አያገናኘውም። ደግሞ ቆዳ ውሃ ይመጥጣል፣ «ዝናብ አይፈራም» ብለህ ሸጠህ ክረምት ሲገባ ቦርሳው ተመልሶ እንዳይመጣብህ። ባህርይውንም አትጣለው፣ ማስረጃህ እሱ ነው፦ ከዓረፍተ ነገሩ ሥር የስፌቱን ፎቶ ቀረብ አድርገህ አንሳና ለጥፍ።