የሁለት ኢኩዌሽን መልስ «ማረጋገጥ» ምንድን ነው?

«መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ከሁለቱ ኢኩዌሽኖች በአንዱ ተክታችሁ አረጋግጡ።» ይህ ምክር በማጠናከሪያ ማስታወሻዎች ላይ ሲዞር ደጋግሜ አየዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው «ሁለቱንም መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ፈተና ላይ ደቂቃ ውድ ናት» ብሎ ሲከራከርለት አነበብኩ። ደቂቃ ውድ መሆኗ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ተማሪ በአንዱ ብቻ የሚያደርገው ማረጋገጫ ምንም አያረጋግጥም። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ዓሣ ተገዛ እንበል። አንዱ ገዢ ለሦስት ቆሮሶና ለሁለት አምባዛ 1000 ብር ከፈለ። ሌላው ከዚያችው ነጋዴ አንድ ቆሮሶና አራት አምባዛ በ1500 ብር ወሰደ። ዋጋውን ለስሌት እንዲመች ነው የመረጥኩት። የአንድ ቆሮሶ ዋጋ x፣ የአንድ አምባዛ ዋጋ y ይሁን።

```
3x + 2y = 1000
x + 4y = 1500
```

ተማሪው x-ን ለማጥፋት ሁለተኛውን በ3 ያበዛል። በግራ በኩል ያሉትን በትክክል አበዛ፤ በቀኝ ያለውን 1500 ግን ረሳው። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ 3x + 12y = 1500 ብሎ ጻፈ። ከዚህ ላይ የመጀመሪያውን ሲቀንስ 10y = 500 ሆነ፤ y = 50። ይህን 50 ወደ መጀመሪያው ኢኩዌሽን መለሰና 3x + 100 = 1000 አለ፤ x = 300።

አሁን በመጀመሪያው ያረጋግጣል። 900 + 100 = 1000። ልክ! ምልክት አድርጎ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል።

ያናደደኝ እዚህ ላይ ነው። 300 የተገኘው እኮ ያንኑ ኢኩዌሽን እውነት እንዲያደርግ ተብሎ ነው! y = 5 ብሎ ቢሳሳት ኖሮ x = 330 ይወጣለት ነበር፤ 990 + 10 አሁንም 1000 ነው። y ምንም ቢሆን የመጀመሪያው ኢኩዌሽን «ልክ ነህ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም።

በሁለተኛው ሲሞከር ግን ጉዱ ይወጣል። 300 + 200 = 500። ነጋዴዋ የተቀበለችው 1500 ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ 500 የ1500 ሲሶ ነው። የተረሳችው 3 እዚያው ታየች። ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ በግልጽ አይጠቁምም፤ ሲጠቁም ግን ስህተቱን መፈለግ ቀላል ይሆናል። ሲታረም 3x + 12y = 4500፣ 10y = 3500፣ y = 350፣ x = 100። በመጀመሪያው 300 + 700 = 1000፤ በሁለተኛው 100 + 1400 = 1500። አሁን ተረጋገጠ።

ነገሩን በመንገድ ላስረዳ። ከጓደኛችሁ ጋር፣ የሐይቁን ዳር ይዞ የሚሄደው መንገድና ከገበያ የሚመጣው መንገድ በሚገናኙበት ቦታ ተቀጣጠራችሁ። ስትደውሉለት «ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ላይ ነኝ» አለ። አልዋሸም፤ ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ የትኛው ዘንባባ ስር እንደቆመ አታውቁም። ሁለቱም መንገድ ላይ ከሆነ ብቻ ነው መገናኛው ላይ ያለው። እያንዳንዱ ኢኩዌሽን እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ መገናኛ የለም፤ መልስም የለም። ሁለት ስም ያለው አንድ መንገድ ከሆነ ደግሞ የትም ብትቆሙ ሁለቱም ላይ ናችሁ። በዚህ ጊዜ ማረጋገጫው ያገኛችሁት መልስ መሆኑን ያሳያል እንጂ ብቸኛው መሆኑን አያሳይም።

«እሺ፣ ጊዜ ካጠረኝስ?» ለሚለው፦ x-ን ለማግኘት ባልተጠቀማችሁበት ኢኩዌሽን ጀምሩ። አብዛኛው ስህተት እዚያ ይያዛል። ግን እሱም ብቻውን በቂ አይደለም። x = 300፣ y = 300 ሁለተኛውን ያሟላል፤ የመጀመሪያውን ግን 1500 ያደርገዋል።

ሌላው ቸል የሚባለው ነገር፣ ማረጋገጫው መጀመሪያ በተሰጡት ኢኩዌሽኖች ላይ መሆን አለበት፤ እኛ አብዝተን ወይም አዘዋውረን በጻፍናቸው ላይ አይደለም። የተማሪያችንን የተሳሳተ መልስ 3x + 12y = 1500 ውስጥ ክተቱት። 900 + 600 = 1500፤ ልክ ይመጣል። ሁለት ኢኩዌሽን ሞክሮም ስህተቱ አመለጠው ማለት ነው፣ ምክንያቱም አንደኛው ስህተቱን ራሱ የተሸከመ ነው። ጥያቄው በታሪክ መልክ ከመጣ ደግሞ ኢኩዌሽኑም የራሳችን ሥራ ነው። ስለዚህ ወደ ታሪኩ ተመለሱ፦ ሦስት ቆሮሶ በ100፣ ሁለት አምባዛ በ350፣ ድምሩ የተከፈለው 1000 ነው ወይ?

አንድ ነገር ልጨምር። መልሱ 10/3 ሆኖ ሳለ 3.33 ብላችሁ ከተካችሁ 3x የሚሰጣችሁ 9.99 እንጂ 10 አይደለም። ተሳሳትኩ ብላችሁ ልክ የሆነውን ሥራ አትሰርዙ። ክፍልፋዩን እንዳለ ተኩት።