«ሱቅ» የዐረብኛው ሱቅ ነው?

ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም። በዐረብኛ «ሱቅ» ማለት ገበያው በሙሉ ነው፦ ሻጩም፣ ገዢውም፣ መተላለፊያውም። እኛ ግን «ገበያ» የሚል ቃል ስላለን «ሱቅ»ን ለአንዷ መሸጫ ቤት ብቻ ሰጠናት። ስለዚህ ዱባይ ውስጥ «ሱቅ የት ነው?» ብሎ በዐረብኛ የጠየቀ ሰው ወደ ገበያ ቢመራ አይገርምም። ለስኳርና ለዳቦ «በቃላ»፣ ለተራ ሱቅ ደግሞ «ዱካን» ማለት ይሻላል። ትግርኛ ሱቅን «ድኳን» የሚለው ይህንኑ ሁለተኛውን ቃል ወስዶ ነው።

«ከዕብራይስጥ ነው» የሚሉ አሉ። በዕብራይስጥ ገበያ «ሹቅ»፣ በአራማይክ ደግሞ «ሹቃ» ይባላል። ዘመዳሞች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን አማርኛ «ሽ»ን በደንብ ይናገራል፤ ከዚያ ቢወስደው ኖሮ «ሹቅ» ባልን ነበር። የእኛው በ«ሱ» መጀመሩ ወደ ዐረብኛ ያመለክታል።

ከዐረብኛ በፊት ያለው አከራካሪ ነው። የጥንት የዐረብኛ ሊቃውንት «መንዳት» ከሚለው ግስ ያወጡታል፤ ሸቀጥና ከብት ወደዚያ ስለሚነዳ። የዘመኑ አጥኚዎች በብዛት ከአራማይክ የመጣ ነው ይላሉ። የአራማይኩ ቃል ደግሞ ከጥንታዊው የሜሶጶጣሚያ ቋንቋ ከአካድኛ ይመዘዛል፤ በዚያ «ሱቁ» መንገድ ማለት ነበርና ይኼኛው ይበልጥ ያሳምነኛል።

መንገድ የነበረው ገበያ፣ ገበያው ቤት ሆነ። አማርኛ ግን እዚያ አላቆመም፦ ማስቲካና ሶፍት የሞላች ሣጥን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረውን ልጅ «ሱቅ በደረቴ» አለው።