የኩባንያ ግዢ ሰነድ ምርመራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«400 ውል አለ። "የቁጥጥር ለውጥ" የሚለውን በኮምፒውተር ፈልገን የመጣልንን ብናነብ ይበቃል።»

አይበቃም፤ የኩባንያው ባለቤት ሲለወጥ ውሉ ምን እንደሚሆን የሚናገረው ይህ አንቀጽ ሁልጊዜ በዚህ ስም አይመጣምና። አንዳንዱ ውል ጉዳዩን ውል ስለማቋረጥ በሚናገረው አንቀጽ ውስጥ ያስገባዋል። ሌላው ደግሞ «ከግማሽ በላይ አክሲዮን መሸጥ ውሉን ለሦስተኛ ወገን እንደማስተላለፍ ይቆጠራል» ብሎ በትርጓሜው ክፍል ይጽፈዋል። በስካነር የተነሳ ገጽ ደግሞ ጽሑፉ ወደ ፊደል ካልተቀየረ በስተቀር በፍለጋ አይገኝም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዋና ውል ቢያንስ ትርጓሜውን፣ ስለ ማስተላለፍ የሚለውንና ስለ ማቋረጥ የሚለውን በዓይን ማንበብ ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት ግን ሽያጩ የአክሲዮን ነው ወይስ የንብረት የሚለው መለየት አለበት። በአክሲዮን ሽያጭ ተዋዋዩ ኩባንያ ያው ራሱ ስለሆነ፣ «ውሉን ማስተላለፍ ክልክል ነው» የሚል ተራ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። በንብረት ሽያጭ ግን ውሉ ራሱ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያልፍ ያው አንቀጽ ዋና እንቅፋት ይሆናል።

«አንቀጹ ከባድ ከሆነ ስጋቱም ከፍተኛ ነው።»

ደረጃውን የሚወስነው የአንቀጹ ክብደት ብቻ አይደለም። ቃል በቃል አንድ ዓይነት አንቀጽ ያላቸው ሁለት ውሎች አሉ እንበል፤ ሁለቱም ባለቤትነት ሲለወጥ ሌላው ወገን ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳሉ። አንዱ የማተሚያ ማሽን ኪራይ ነው። ቢቋረጥ በሳምንት ውስጥ ሌላ ማሽን ይገኛል፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ነው። ሁለተኛው ከኩባንያው የ100 ሚሊዮን ዓመታዊ ገቢ 35 ሚሊዮኑን የሚያመጣ ደንበኛ ውል ነው። ይህ ከፍተኛ ነው።

የማቋረጥ መብቱ የት እንደተጻፈ ለማየት የደንበኛውን ውል ጠጋ ብለን እንየው። የዋናው ውል አንቀጽ 14 ለውጡን በጽሑፍ ማሳወቅ በቂ ነው ይላል። እዚህ ላይ ያቆመ አንባቢ «ዝቅተኛ» ብሎ ያልፈዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ የተፈረመው ማሻሻያ ቁጥር 2 ግን ከ30 ቀን በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል፤ ፈቃዱ ካልተገኘ ደንበኛው በ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ማሻሻያው በሌላ ማህደር ስለተቀመጠ ብቻ 35 ሚሊዮን ገቢ ከዓይን ሊሰወር ነበር። ንባብ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ውል ከነማሻሻያዎቹ በቀን ቅደም ተከተል ማሰባሰብ ዋጋው የሚታየው እዚህ ነው።

ደረጃ ሲሰጥ ሦስት ነገሮች ይመዘናሉ፦ ቢደርስ ጉዳቱ ስንት ነው፣ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሊስተካከል ይችላል ወይ። የዚህ ደንበኛ ስጋት መፍትሔ አለው፦ የፈቃድ ደብዳቤው መገኘት ለክፍያው ቅድመ ሁኔታ ይደረጋል። ደብዳቤው ሲመጣ ግኝቱ ከሪፖርቱ አይሰረዝም፤ የደብዳቤው ቀን ተጽፎበት «ተፈትቷል» ይባላል።

«ያልቀረበልን ሰነድ ላይ ምንም ማለት አንችልም።»

የሰነዱ አለመቅረብ ራሱ ግኝት ነው። ማሻሻያ ቁጥር 3 ኖሮ ቁጥር 2 ከጠፋ፣ ወይም የቀረበው ቅጂ ፊርማ ከሌለው፣ መቼ እንደተጠየቀና ሻጩ ምን እንደመለሰ ይመዘገባል። ደረጃው የሚሰጠውም ሰነዱ ሊይዝ በሚችለው ነገር ልክ ነው። የትልቁ ደንበኛ ማሻሻያ ከጎደለ፣ እስኪገኝ ድረስ ከፍተኛ ነው።

«ትንንሾቹን ስጋቶች አባሪ ላይ መዘርዘር ይበቃል።»

መጀመሪያ ተመሳሳዮቹ ተደምረው ይታዩ። የሶፍትዌር ኩባንያ 120 የቅጥር ውሎች ከአንድ ናሙና ተቀድተው፣ ሁሉም ሠራተኛው የጻፈው ኮድ የማን እንደሆነ ሳይናገሩ ቢቀሩ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቀላል ይመስላል። ሲደመሩ ግን ገዢው የሚገዛው ዋና ንብረት ባለቤትነት ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ይህ 120 ዝቅተኛ ግኝት ሆኖ አይጻፍም፤ አንድ ከፍተኛ ግኝት ነው። በሥራ የተፈጠረ ኮድ በሕግ የአሠሪው በሚሆንበት አገር ደረጃው ሊቀንስ ስለሚችል፣ የሚመለከተው ሕግ ተጣርቶ ይወሰን።

«ማጠቃለያው ያነበብነውን ሁሉ ማሳየት አለበት።»

ማጠቃለያው ለሚወስን ሰው የሚጻፍ ነው፤ የተነበበው ዝርዝር አባሪ ውስጥ ይገባል። ከፍተኛዎቹ ከፊት ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸውም የሰነዱን ቁጥርና አንቀጽ፣ ጉዳቱንና መፍትሔውን ይይዛሉ። «የቁጥጥር ለውጥ ስጋት አለ» ብሎ ማቆም ለገዢው አይጠቅመውም። እንዲህ ቢጻፍ ግን ይሠራበታል፦ «ከፍተኛ። ሰነድ 47፣ ማሻሻያ 2። ፈቃድ ካልተገኘ ደንበኛው በ60 ቀን ሊያቋርጥ ይችላል፤ 35 ሚሊዮን ዓመታዊ ገቢ። ሻጩ የፈቃድ ደብዳቤውን ከክፍያ በፊት ያቅርብ።»